«10 ሰዓት» የማን 10 ሰዓት ነው? በብዙ ሀገር ላሉ ተፈታኞች ሰዓት የማስታወቂያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆነን በኢንተርኔት የግእዝ ሰዋስው የምናስተምር ጥቂት ሰዎች ነን። እስካሁን ካወጣናቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ ብዙ ስልክ ያስደወለብን ስለ ክፍያ ወይም ስለ ምዝገባ የጻፍነው ሳይሆን የፈተና ሰዓት የነገርንበት ነው። ተማሪዎቻችን ከቢቸና፣ ከሞጣና ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ እስከ ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ዱባይና ሜልበርን ድረስ የተበተኑ ሲሆኑ፣ ፈተናው ግን ለሁሉም በአንዲት ቅጽበት ተከፍቶ በአንዲት ቅጽበት ይዘጋል። ያችን አንዲት ቅጽበት ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ መጻፍ የሚቻልባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ እኛም ሁሉንም በየተራ ሞክረናቸዋል። የትኛው ለምን እንደሚበጅና የት ላይ እንደሚያሳስት ከዚህ በታች በአንድ ምሳሌ እያነጻጸርሁ አሳያለሁ።

ምሳሌው ይህ ነው። መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ መጋቢት 26 ቀን፣ እንዲሁ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት፣ ተማሪዎች ያዘጋጁትን ቅኔ የሚያሰሙበት የቀጥታ ስርጭት አለ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ስርጭቱ ያመለጠው ሰው የተቀዳውን ማታ ያየዋል፤ ፈተናው ያመለጠው ግን ሌላ ፈተና እንድናዘጋጅለት እየለመነ ሳምንት ይደውላል። ስለዚህ ለስርጭት የሚበቃ ማስታወቂያ ለፈተና አይበቃም።

የሀገር ቤቱን ሰዓት ብቻ መጻፍ

«ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት» ብሎ መተው አጭርና ለጎጃም አንባቢ ምንም የማያሻማ ነው። ቢቸና ያለው ተማሪ ይህን ለመረዳት ማስላት አያስፈልገውም፤ ሌላ ነገር ብንጨምርበት እንዲያውም እናደናግረዋለን። ችግሩ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። እዚያ ከኖረ የቆየ ሰው ሁለት ሰዓት በጭንቅላቱ ይዞ ስለሚኖር፣ 10 የሚለውን ቁጥር እንደየዕለቱ አንድ ጊዜ በእኛ፣ አንድ ጊዜ በራሱ ያነበዋል። እዚያ የተወለዱ ልጆች ደግሞ አማርኛውን አንብበው ቢረዱትም ቁጥሩን የሚያነቡት ስልካቸው ላይ በሚያዩት ልክ ነው። የአንዷ ተማሪያችን እናት ከዋሽንግተን ደውላ «ልጄ 10 ሰዓት ላይ ገብታ ዝግ ሆነባት» ያለችን በዚህ ምክንያት ነበር። ልጅቱ የገባችው በእሷ ጠዋት 10 ሰዓት ሲሆን፣ ያ ሰዓት በእኛ ከቀኑ 11 ነው።

ሆኖም ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ቢጠነቀቅ ስሕተቱን በብዙ ይቀንሳል። መጀመሪያ፣ ጠዋት፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ ወይም ከሌሊቱ የሚለው ቃል በፍጹም መቅረት የለበትም፤ ያለ እሱ 10 ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የሌሊት ሰዓት ሲሆን ቀኑን በአጥቢያ መንገር ነው። «እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ቢባል አንዱ ቅዳሜ ማታ ተኝቶ የሚነሣበትን፣ ሌላው እሑድ ማታ ያለውን ሌሊት ይረዳል፤ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲባል ግን ክርክር የለም፤ በስልክ ሰዓት እሑድ 2:00 ማለት ነው። ይህን ከእናቶቻችን የወረስነውን አነጋገር ስንት የቴክኒክ ሰነድ በብዙ ቃል ሊገልጸው ሲደክም አይቻለሁ።

ሦስተኛው ቀኑን የሚመለከት ነው። ወሩን በቁጥር አትጻፉ። መጋቢት ሰባተኛው ወር ስለሆነ 5/7/2018 ብሎ የጻፈ ሰው አሜሪካ ያለውን አንባቢ ወደ ሜይ 7፣ አውሮፓ ያለውን ወደ ጁላይ 5 ይልከዋል፤ ዓመቱም 2018 እ.ኤ.አ. ሆኖ ስለሚታየው አሮጌ ማስታወቂያ መስሎት ያልፈዋል። «መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (ማርች 14፣ 2026 እ.ኤ.አ.)» ብሎ ሁለቱንም በወር ስማቸው መጻፍ ይሻላል። ቅየራውንም ካምናው ወረቀት በልማድ መቅዳት አይገባም፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በኋላ የሚመጣው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይንሸራተታል።

በዩቲሲ ወይም በልዩነቱ ቁጥር መጻፍ

ሁለተኛው መንገድ ከየትኛውም ከተማ ያልወገነውን የዓለም ማመሳከሪያ ሰዓት፣ ዩቲሲን፣ መጠቀም ነው። የእኛ 10 ሰዓት በስልክ አቆጣጠር 16:00 ነው፤ ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለችና በዩቲሲ 13:00 ይሆናል። በአንድ መስመር ሲጻፍ `2026-03-14 16:00 UTC+3` ነው። ከሁሉም መንገዶች የማያረጀው ይህ ነው። ኢትዮጵያ በበጋና በክረምት ሰዓቷን ስለማትለዋውጥ፣ በእኛና በዩቲሲ መካከል ያለው 3 ሰዓት በዓመቱ ውስጥ አይናወጥም። ስለ ሰዓት ክርክር በተነሣ ቁጥር መልሰን የምናየውና የምንዳኝበት መስመር ይኸው ነው።

ለተማሪ ብቻውን መስጠት ግን አልመክርም። ዋሽንግተን ያለው ከ13 ላይ 4 መቀነስ ሲገባው መደመር፣ ወይም በክረምት የለመደውን 5 መቀነስ ይቀናዋል። የለንደኑ ተማሪ ደግሞ ያለበት ሀገር የግሪንዊች ሀገር ስለሆነ ሁልጊዜ የእሱ ሰዓት ዩቲሲ ይመስለዋል፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ግን የለንደን ሰዓት ከዩቲሲ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ዩቲሲን ከዋናው ማስታወቂያ ሥር በአንዲት አነስተኛ መስመር ማስቀመጥ ይበቃል።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ልማድ አለ፤ `EST`፣ `CST` እያሉ በሦስት ፊደል መጻፍ። ይህን ሳልዘገይ እጥለዋለሁ። `EST` በትክክል ሲነገር የኒው ዮርክና የዋሽንግተን የክረምት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ይጠራዋል፤ `CST` ለዳላስ አንድ፣ ለቻይና ሌላ ነው። «በዋሽንግተን ሰዓት» ብሎ የከተማውን ስም መጻፍ ያው ቦታ ይፈጃል፣ አያሳስትምም።

የከተሞች ዝርዝር

ተማሪዎች የሚወዱት ይህን ነው። ስሙን ይፈልጋል፣ ሰዓቱን ያነባል፣ ያበቃል። ብዙ ጥፋት ያደረስንበትም ይኸው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እኔው ልናገረው።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለመጀመሪያው ትምህርት ዝርዝር አዘጋጀሁ፤ የእኛ 10 ሰዓት በዋሽንግተን ጠዋት 9 ሰዓት ነበር። ጥቅምት 30 ቀን ፈተና ሲደርስ ያንኑ ዝርዝር ቀኑን ብቻ ቀይሬ ለጠፍሁት። አሜሪካ ግን ከዚያ ቀደም ባለው እሑድ፣ ጥቅምት 24፣ ሰዓቷን አንድ ወደ ኋላ መልሳ ነበር፤ የእኛ 10 ሰዓት ለእነርሱ 8 ሆኗል። ፈተናው የአንድ ሰዓት ነው። እነርሱ በእኔ ዝርዝር ታምነው 9 ሰዓት ላይ ሲገቡ ፈተናው በዚያች ደቂቃ እየተዘጋ ነበር። ስድስት ተማሪዎች የተዘጋ በር ፊት ቆሙ፤ ሁሉም የአሜሪካ፣ አንድም የጎጃም ወይም የዱባይ አልነበረም። በኋላ ሳስበው፣ የሚሳሳቱት ሁሉ ከአንድ ሀገር ሲሆኑና ስሕተቱም ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ጥፋቱ የተማሪ ሳይሆን የዝርዝሩ መሆኑን ያኔውኑ ልለይ ይገባኝ ነበር።

ልብ በሉ፤ ስሕተቱ በሁለቱ ወቅቶች እኩል አይጎዳም። በፀደይ፣ ማለትም በማርች፣ ያረጀ ዝርዝር የአሜሪካውን ተማሪ አንድ ሰዓት ቀድሞ ያመጣዋል፤ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ቢበዛ ያማርራል። በኖቬምበር መግቢያ ግን አንድ ሰዓት ያዘገየዋል፤ ያኔ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ነገሩን የሚያከብደው ሀገሮቹ በአንድ ቀን አለመለወጣቸው ነው። አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ሲሆን፣ በ2018 ዓ.ም. ይህ የካቲት 29 ላይ ይውላል። አውሮፓና እንግሊዝ የሚገፉት በማርች የመጨረሻው እሑድ፣ መጋቢት 20 ነው። ሜልበርን ደግሞ የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ስለሆነች በተቃራኒው በኤፕሪል የመጀመሪያው እሑድ፣ መጋቢት 27፣ ሰዓቷን ወደ ኋላ ትመልሳለች። እንግዲህ የእኛ ፈተናና የእኛ ስርጭት በሦስት ሳምንት ልዩነት ብቻ ቢለያዩም፣ በመካከላቸው የአውሮፓ ሰዓት ይለወጣል፤ ለሁለቱም አንድ ዝርዝር መለጠፍ የለንደኑንና የፍራንክፈርቱን ተማሪ ማሳሳት ነው። ቤይሩት ያሉ እኅቶቻችንን በተመለከተ የበለጠ መጠንቀቅ ያሻል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ማርች ላይ የሊባኖስ መንግሥት የሰዓት ለውጡ እንዲዘገይ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወስኖ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ውሳኔውን መልሶ ሽሮታል። እንዲህ ላለ ቦታ ዝርዝሩን ከወር በፊት ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ከሁለት ቀን በፊት መልሶ ማየትም ያስፈልጋል።

ዝርዝሩን ስንሠራ ሌላ ነገር ወጣ። የእኛ 10 ሰዓት በሜልበርን ልክ እኩለ ሌሊት፣ 0:00፣ ይሆናል። ልክ እኩለ ሌሊት ለማስታወቂያ መጥፎ ሰዓት ነው፤ «ቅዳሜ 12 ሰዓት» ተብሎ ሲነገር ቅዳሜ የሚጀምርበት ይሁን የሚያልቅበት ማንም እርግጠኛ አይሆንም፣ ስልኩ ደግሞ እሑድ ይለዋል። ልናብራራው ከመድከም ሰዓቱን ማንቀሳቀስ ይቀላል። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ30 እንዲሆን አድርገነዋል እንበል፤ በዩቲሲ 12:30 ነው። ዝርዝሩ እንዲህ ይሆናል።

| ከተማ | የጽሑፍ ፈተና፣ መጋቢት 5 (ማርች 14) | የቅኔ ስርጭት፣ መጋቢት 26 (ኤፕሪል 4) |
|---|---|---|
| ደብረ ማርቆስ | 15:30 (ከቀኑ 9:30) | 15:30 (ከቀኑ 9:30) |
| ሲያትል | 5:30 | 5:30 |
| ዳላስ | 7:30 | 7:30 |
| ዋሽንግተን | 8:30 | 8:30 |
| ለንደን | 12:30 | 13:30 |
| ፍራንክፈርት | 13:30 | 14:30 |
| ቤይሩት | 14:30 | 15:30 |
| ዱባይ | 16:30 | 16:30 |
| ሜልበርን | 23:30 | 23:30 |

ሰንጠረዡ ላይ ቁጥሮቹን በ24 ሰዓት አቆጣጠር የጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ የቀን ክፍል ስንጨምርላቸው አንዳንዶቹ ይጠራሉ፣ አንዳንዶቹ ይብሳሉ። «በዋሽንግተን ጠዋት 8:30» ሲባል በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 8:30 የሚባል ነገር ስለሌለ፣ አንባቢው የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ሳይነገረው ይገባዋል። «በሲያትል ጠዋት 5:30» ግን በእኛም አለ፤ ረፋዱን አልፎ ለቀትር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ማለት ነው። የሜልበርኑ ከሁሉ ይብሳል፤ «ከሌሊቱ 11:30» ብንለው ያገራችን ሰው ሊነጋ ሲል ተነሥቶ ይጠብቀናል። ለነዚህ ሁለቱ «በሲያትል ገና ሳይነጋ፣ ስልክዎ 5:30 ሲል» እና «በሜልበርን ለእኩለ ሌሊት 30 ደቂቃ ሲቀረው፣ ስልክዎ 23:30 ወይም `11:30 PM` ሲል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። «ስልክዎ እንዲህ ሲል» የምትለዋ ሐረግ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ጠቅማናለች።

ዝርዝሩ ስንት ከተማ ይያዝ? የተመዘገቡት ተማሪዎች ያሉበትን ብቻ፣ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ያልበለጠ። ማንም የማይፈተንበትን ቶኪዮን መጨመር ዝርዝሩን ያረዝመዋል እንጂ አይረዳም። በምዝገባ ጊዜም «የት ሀገር ነዎት?» ሳይሆን «የት ከተማ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ «አሜሪካ» የሚል መልስ በሲያትልና በዋሽንግተን መካከል የ3 ሰዓት ጥያቄ ትቶ ይሄዳል።

በራሱ የሚቀይር ማስፈንጠሪያና የቀን መቁጠሪያ ፋይል

አራተኛው መንገድ ስሌቱን ለተማሪው ስልክ መተው ነው። በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት አስቀድመን ቀጠሮ ስንይዝ፣ እያንዳንዱ ተመልካች የሚያየው በራሱ ሰዓት ተቀይሮ ነው፤ በቴሌግራም ቻናልም ቀጥታ ስርጭትን አስቀድሞ መቅጠር ይቻላል። ለስርጭት ብቻ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዝርዝር ማዘጋጀት ሳያስፈልገን ቀጠሮውን ይዘን ማስፈንጠሪያውን መላክ ይበቃናል።

ለፈተናው ደግሞ በስልኩ የቀን መቁጠሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፋይል እንልካለን። በማንኛውም ጽሑፍ መጻፊያ ተጽፎ `fetena.ics` በሚል ስም ይቀመጣል፤ ተማሪው ሲነካው ስልኩ ቀጠሮውን ይመዘግባል።

```
BEGIN:VCALENDAR
VERSION:2.0
PRODID:-//geez-fetena//AM
BEGIN:VEVENT
UID:fetena-20260314@example.org
DTSTAMP:20260201T090000Z
DTSTART:20260314T123000Z
DTEND:20260314T133000Z
SUMMARY:የግእዝ ሰዋስው ፈተና
END:VEVENT
END:VCALENDAR
```

እዚህ ላይ ዋናዋ ፊደል ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችው `Z` ናት፤ ሰዓቱ ዩቲሲ መሆኑን የምትናገረው እሷ ናት። እሷን የረሳ ሰው የሚልከው ፋይል ሰዓት ይዟል፣ የማን ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም፤ ስለዚህ ሁሉም ስልክ 12:30ን በራሱ ሀገር 12:30 አድርጎ ይመዘግበዋል። ለማጣራት ቀላል ነው፤ ፋይሉን ደብረ ማርቆስ ላይ ስልካችን ላይ ስንከፍተው 15:30 ካላለ ተሳስተናል ማለት ነው።

ፈተናውን ሙድል በተባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ የሚሰጥ ሰው ሌላም የሚያየው አለ። `Open the quiz` እና `Close the quiz` የሚሉት ቦታዎች ላይ የምንሞላው ሰዓት የሚነበበው በመምህሩ የግል ገጽ ላይ `Timezone` በሚለው ሥር በተመረጠው ሀገር ነው። መምህሩ ያንን ሳይነካ ቀርቶ ሰርቨሩ በዩቲሲ ከሆነ፣ 15:30 ብሎ የሞላው ፈተና በእኛ ከምሽቱ 12:30 ላይ ይከፈታል። ሁለት የሙከራ ተማሪ ፈጥረን አንዱን በሜልበርን፣ አንዱን በዋሽንግተን አድርገን ገብተን የሚያዩትን ሰዓት ከሰንጠረዡ ጋር ማስተያየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በተጨማሪም የመዝጊያው ሰዓት ከደረሰ የተሰጠው ጊዜ ባያልቅም ፈተናው እንደሚዘጋ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ፈተናው የ60 ደቂቃ ቢሆንም፣ 10 ሰዓት ላይ ለገባ ሰው የሚቀረው እስከ 10:30 ያለው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

በራሱ የሚቀይር መንገድ የሚከሽፈው ስልኩ ራሱ እውነተኛውን ሰዓት ካላወቀ ነው፤ ይህም በእኛ ሀገር ብርቅ አይደለም። የቃል ፈተናውን የሚያዳምጡልን አንድ የኔታ አሉ፤ የወንድማቸው ልጅ ስልካቸው «በሐበሻ ሰዓት» እንዲነበብላቸው ብሎ ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶላቸዋል። ለሳቸው የተመቸ ነው፤ ከቀኑ 10 ሲሆን ስልካቸውም 10:00 ይላል። የቀን መቁጠሪያው ግን ፈተናውን 16:00 ላይ መዝግቦ፣ ያ ስልክ 16:00 እስኪል ይጠብቃል። በማግስቱ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ስልኩ አልደወለልዎትም?»

«ደወለ እንጂ ልጄ። እራት ተበልቶ፣ ልተኛ ብዬ ጋቢዬን ስስብ ደወለ።»

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ልክ 6 ሰዓት ዘግይቶ። እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ሰው በሐበሻ ሰዓት ማየት ከፈለገ የሚበጀው፣ ሰዓቱን በእጅ መመለስ ሳይሆን የስልኩን የሰዓት ክልል `UTC-3` ላይ፣ ለምሳሌ ቦነስ አይረስ ላይ፣ ማድረግ ነው። ከእኛ ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የምትቀር ከተማ ስለሆነች ስልኩ የሐበሻ ሰዓት ያነብባል፣ ቀኑም እንደ እኛ ሲነጋ ይለወጣል፣ ቀጠሮዎቹ ግን በትክክለኛዋ ቅጽበት ይደውላሉ። የኔታን ቦነስ አይረስ ካስገባናቸው ወዲህ አንድም ፈተና አላመለጣቸውም።

ሁለተኛው ክፍተት ፎቶ ነው። ተማሪዎች ማስፈንጠሪያ ከማስተላለፍ ይልቅ ማያ ገጻቸውን ፎቶ አንሥተው መላክ ይወዳሉ። ዋሽንግተን ያለችው ተማሪ ዩቲዩብ `8:30 AM` ያላትን ገጽ ፎቶ አንሥታ ዳላስ ላለው ወንድሟ ብትልክ፣ ፎቶ ሰዓት አይቀይርምና ወንድሟ አንድ ሰዓት ያረፍዳል። ስለዚህ የማስታወቂያው ሥዕል ራሱ ላይ የከተሞቹ ስም ከነሰዓታቸው ይኑር፤ ማስፈንጠሪያው ከሥዕሉ ቢለይ እንኳ ትክክለኛው ነገር አብሮ ይጓዛል።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ?

ተሳታፊዎቹ ሁሉ ሀገር ቤት ከሆኑ የሀገር ቤቱ ሰዓት ብቻውን ይበቃል፤ ሌላ ቁጥር አትጨምሩበት። ስርጭት ሆኖ ከየሀገሩ የሚታይ ከሆነ በራሱ የሚቀይረው ማስፈንጠሪያ ይቅደም፣ ከሥሩም የሀገር ቤቱ ሰዓት በቃል ይጻፍ። ፈተና ከሆነ ግን በአንዱ አልታመንም፤ የሀገር ቤቱን ሰዓት፣ ለዚያ ቀን ብቻ የተሰላ የከተሞች ዝርዝር፣ አንድ የዩቲሲ መስመርና ፋይሉን አንድ ላይ እልካለሁ። እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ቢሆኑ ማንኛውም ተማሪ አይቶ ይነግረናል፤ አንድ ብቻ ብንልክ ስሕተቱን የሚያጋልጠው የለም። ከሁለት ወር በላይ የሚዘልቅ ተከታታይ ትምህርት ሲሆን ዝርዝሩን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ማስላት ስለሚያደክም፣ የሰዓት ለውጥ ያለባቸውን እሑዶች ብቻ ቀድሞ በመቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጎ፣ ከእያንዳንዳቸው ቀጥሎ በሚመጣው ትምህርት ዋዜማ አዲስ ዝርዝር ማውጣት ይበቃል።

ማስታወቂያው ሲጠናቀቅ እንዲህ ይነበባል፦

«የግእዝ ሰዋስው የጽሑፍ ፈተና ቅዳሜ መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (ማርች 14፣ 2026 እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 9:30 ተከፍቶ ከቀኑ 10:30 ይዘጋል። መግቢያው ከ9:15 ጀምሮ ክፍት ነው። ፈተናው የሚከፈተው፦ በሲያትል ስልክዎ 5:30 ሲል (ገና ሳይነጋ)፤ በዳላስ 7:30፤ በዋሽንግተን 8:30፤ በለንደን 12:30 (ቀትር አልፎ)፤ በፍራንክፈርት 13:30፤ በቤይሩት 14:30፤ በዱባይ 16:30፤ በሜልበርን 23:30 (ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ለእኩለ ሌሊት 30 ደቂቃ ሲቀረው)። ይህ ዝርዝር ለመጋቢት 5 ብቻ የተሰላ ነው፤ ለመጋቢት 26ቱ ስርጭት አያገለግልም። ለማመሳከሪያ፦ `2026-03-14 12:30 UTC`።»

«ለመጋቢት 5 ብቻ የተሰላ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም እንዳያወጣው፤ የጥቅምቱ ስሕተት የተፈጠረው እሱ ስላልነበረ ነው።

ከተለጠፈም በኋላ «ማስታወቂያውን አያችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። እኛ ከሁለት ቀን በፊት ከየአህጉሩ አንድ አንድ ተማሪ መርጠን «ስልክህ ስንት ሲል ነው የምትገባው? ቀኑስ ምን ይላል?» ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱን ከሰንጠረዡ ጋር እናስተያያለን። ባለፈው ጊዜ ከሜልበርን የመጣው መልስ «23:15፣ ቅዳሜ። ስጨርስ ግን እሑድ ሆኖ ይጠብቀኛል» የሚል ነበር፤ የቀሩትን መጠየቅ አላስፈለገንም።